የተሰጠኝን ስኮላርሺፕ መተው ፈልጌያለሁ፤ ምን ብዬ ልጻፍላቸው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ይበዛል። "ሁለት ቦታ ደረሰኝ፣ አንዱን መርጫለሁ፣ ሌሎቹን ምን ልበላቸው?" የሚል። የምኖረው ጎንደር ነው። ከዚህ በፊት በአንድ የድኅረ ምረቃ መምረጫ ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ስለሠራሁ እነዚህን ደብዳቤዎች ከተቀባዩ ወገን ተቀምጬ አንብቤያቸዋለሁ፤ ሳይጻፉ የቀሩትንም ስጠብቅ ከርሜያለሁ። ለአንድ ሰው ደጋግሜ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ዝም ብልስ? ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ይሰረዝ የለ?

አንዳንዱ ይሰረዛል። ገንዘብ የሌለበት ተራ ቅበላ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ፣ በተባለው ቀን ካልተመዘገባችሁ ቦታው ራሱ ይወድቃል። እዚያ ዝም ብትሉ የሚጎዳ ሰው ብዙ የለም።

ስኮላርሺፕ ግን ሌላ ነው። ከናንተ ኋላ ሰው ተሰልፏል። የአውሮፓ ኅብረት የሚከፍልበትን የኤራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርስን ውሰዱ። ውጤቱ ሲወጣ ሦስት ዓይነት ሰው አለ፦ ዋናው ዝርዝር ውስጥ የገባ፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ የገባ፣ ያልተመረጠ። ተጠባባቂው ስሙ የሚጠራው ከዋናው ዝርዝር አንድ ሰው "አልፈልግም" ሲል ነው። እናንተ ዝም ባላችሁበት ሳምንት ሁሉ እሱ ኢሜይሉን እየከፈተ እየዘጋ ነው።

እና ዕድሉ ዘግይቶ ቢደርሰውም አይጠቅመውም። የኤምባሲ ቀጠሮ አዲስ አበባ ነው፣ የዲግሪ ማስረጃ ማረጋገጥ አለ፣ ኦሪጅናል ማውጣት አለ። ከጎንደር ለሚነሳ ሰው እያንዳንዱ ወረቀት ጉዞ አለው። ሚያዝያ ላይ የተለቀቀ ቦታ ለተጠባባቂው መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የተለቀቀ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ወንበር ሆኖ ይቀራል።

እኛ ኮሚቴ ውስጥ የነበርን ጊዜ የምናደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ኢሜይል እንልካለን። ሳምንት ጠብቀን ሁለተኛ። ከዚያ ስልክ። ስልኩ "ጥሪ አይቀበልም" ይላል። በመሀል ተጠባባቂዋ ቢሮ ድረስ መጥታ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ትላለች፤ የምንላት ነገር የለንም። በኋላ እንደሰማነው ልጁ ሌላ አገር ገብቶ ትምህርት ጀምሮ ነበር። አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ ይበቃን ነበር።

እሺ፣ ታዲያ ዛሬውኑ ልጻፍ?

ቆይ። መጀመሪያ የመረጣችሁት ቦታ በእጃችሁ መግባቱን አረጋግጡ። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ሰው በደስታ ተነሥቶ አንዱን ይተዋል፣ የመረጠው ግን ገና በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ሆኖ ይገኛል።

በእጅ ገባ የሚባለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ በጽሑፍ መጥቷል፤ ፕሮፌሰሩ በቪዲዮ ጥሪ "እንወስድሃለን" ማለቱ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በደብዳቤው ላይ በቁጥር ተጽፏል፦ ስንት፣ ለስንት ጊዜ፣ የትምህርት ክፍያውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም። ሦስተኛ፣ የቀረ ቅድመ ሁኔታ የለም። ለምሳሌ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ ላይ መመረጥ ብቻውን አያስኬድም፤ ከእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ቅድመ ሁኔታ የሌለው ቅበላ ማምጣት ይጠበቅባችኋል። ያ ሳይመጣ ሌላውን መተው ድልድዩን ሳይሻገሩ ማፍረስ ነው።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመረጣችሁትን በጽሑፍ ተቀበሉ። "መቀበልህ ደርሶናል" የሚል መልስ እስኪመጣ ጠብቁ። መልሱ በመጣ በማግስቱ ሌላውን ተዉ። ከዚያ በላይ ማቆየት አያስፈልግም።

አሜሪካኖቹ "ኤፕሪል 15" የሚሉት ምንድን ነው?

በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ነው። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ያወጣው ስምምነት አለ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፈርመውበታል። ስምምነቱ በአጭሩ፦ የገንዘብ ድጋፍ ያለበት የድኅረ ምረቃ ቅበላ የተሰጠው ተማሪ ከዚያ ቀን በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም ይላል። ቀድሞ ተቀብሎ ሐሳቡን የቀየረም እስከዚያው ቀን ድረስ በጽሑፍ መተው ይችላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስምምነቱ የሚሠራው ገንዘብ ላለበት ቅበላ ነው፤ ስኮላርሺፕ፣ ፌሎሺፕ፣ ወይም እያስተማሩ አለዚያ ምርምር እያገዙ የሚከፈልበት አሲስታንትሺፕ። ባዶ ቅበላ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ቀን ሊያወጣ ይችላል። ደግሞ የፈረመ ዩኒቨርሲቲ መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜ ይህ የቅበላ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ማንም ግን እስከዚያ አያነብም።

ሰዓቱም ያምታታል። በሚያዝያ ወር ኒውዮርክና ጎንደር ሰባት ሰዓት ይራራቃሉ። እዚያ የ15 ሌሊት 11፡59 ሲሆን እዚህ የሚያዝያ 8 ጠዋት፣ በኛ አቆጣጠር 12፡59 ሆኗል። ብራስልስ ወይ በርሊን ደግሞ በዚያ ወር ከኛ አንድ ሰዓት ብቻ ወደኋላ ናቸው፤ የነሱ ከሰዓት 5፡00 የኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ግን እባካችሁ የመጨረሻዋን ሰዓት አትጠብቁ። ማታ ኔት ሲጠፋ "መብራት ጠፍቶብኝ ነው" ብሎ መጻፍ ደስ አይልም፣ እውነት ቢሆንም።

ምሳሌ ስጠን፣ እውነተኛ ሰው እንዴት አደረገ?

አንዲት የእንስሳት ሕክምና የጨረሰች ልጅ አለች፣ ጎረቤቴ ነች፣ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ የዶክትሬት ቅበላ መጣላት፣ ከአሲስታንትሺፕ ጋር። የመልስ ቀኑ ሚያዝያ 7። መጋቢት 19 ደግሞ የኤራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ዋናው ዝርዝር ውስጥ መግባቷ ተነገራት፣ የመልስ ቀኑ ሚያዝያ 2።

ሰፈሩ ሁሉ "አሜሪካ ነው እንጂ!" አላት። እሷ ግን ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጣ አነበበች። የአሜሪካው አንደኛውን ዓመት ብቻ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው "በጀት ሲገኝ ይታደሳል" የሚል ነው። የአውሮፓው የትምህርት ክፍያ የለበትም፣ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ ለ24 ወር። ጉዞውንና ቪዛውን ከዚያው ገንዘብ ትችላለች። አሜሪካ ጽፋ "የሚቀጥሉት ዓመታት በደብዳቤ ይረጋገጡልኝ?" ብላ ጠየቀች፤ በጨዋነት "አንችልም" አሏት። ይሄን ጥያቄ ሳትተው በፊት መጠየቋ ልክ ነው፤ ከተዉ በኋላ የሚጠየቅ አይደለም።

መጋቢት 26 ወሰነች። በዚያው ቀን የአውሮፓውን ፈርማ ላከች። ሦስት ቀን ዝም አሉ፣ ሆዷ ባር ባር አላት። መጋቢት 29 "ደርሶናል፣ ስምሽ ተመዝግቧል" የሚል መጣ። መጋቢት 30 ለአሜሪካው ጻፈች፣ ከመጨረሻው ቀን አንድ ሳምንት ቀድማ።

መጀመሪያ ያዘጋጀችውን ረቂቅ ግን ብታዩት! ገጽ ተኩል። ከአያቷ ጀምሮ ምስጋና፣ ከዚያ "ሁኔታዎች ስላልተመቻቹልኝ"፣ ከዚያ "ምናልባት በአሁኑ ወቅት ለመምጣት ሊከብደኝ ይችል ይሆናል"። አንብቤ "ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?" አልኳት። ሳቀች። ይሉኝታ ነው። እኛ እምቢ ማለትን ሰምና ወርቅ እናደርገዋለን፣ በተለይ እዚህ ጎንደር፣ የቅኔ አገር ነው ብለን ይመስለኛል። ያ ረቂቅ ቢላክ ኖሮ ጸሐፊዋ "እርዳታ ትፈልጊያለሽ ወይ? ቀኑን እናራዝምልሽ?" ብላ ትመልስ ነበር፤ ሌላ ሳምንት ያልፋል፣ ቦታውም ተይዞ ይቆያል። ቢሮው ውስጥ ወርቁን የሚፈታ ሰው የለም። ከቅጹ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚሞላው፦ ተቀበለች ወይም አልተቀበለችም።

በመጨረሻ የላከችው ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። ፕሮግራም አስተባባሪዋ በዚያው ማታ መለሰችላት፦ መልካም ምኞት፣ ቀድመሽ ስላሳወቅሽን እናመሰግናለን፣ ለሚቀጥለው ሰው ዛሬ እንጽፋለን። አለቀ።

ደብዳቤው ውስጥ ምን ይግባ? ናሙና አለህ?

ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ አስተካክሉት፣ ከዚያ በቢሮው ቋንቋ ጻፉት። የልጅቷ ደብዳቤ በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፣ መለያዎቿን አውጥቼ፦

> ጉዳዩ፦ የዶክትሬት ቅበላና አሲስታንትሺፕ አለመቀበል፣ የማመልከቻ ቁጥር …
>
> ለተከበራችሁ የመምረጫ ኮሚቴ አባላት፣
>
> በየካቲት መጨረሻ በጻፋችሁት ደብዳቤ የሰጣችሁኝን የዶክትሬት ቅበላና አሲስታንትሺፕ እንደማልቀበል በዚህ ኢሜይል አሳውቃለሁ። የሌላ ተቋም ቅበላ ተቀብያለሁ፣ ውሳኔዬም የመጨረሻ ነው። ቦታውንና የገንዘብ ድጋፉን ለሌላ አመልካች እንድትሰጡት እጠይቃለሁ። በፖርታሉ ላይም ዛሬ መልሴን አስገብቻለሁ። ማመልከቻዬን ለማየት ለሰጣችሁት ጊዜ፣ በተለይ በቃለ መጠይቁ ወቅት ስለ ላቦራቶሪው ላብራራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ይህ ኢሜይል እንደደረሳችሁ ብታረጋግጡልኝ ደስ ይለኛል።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> ሙሉ ስም፣ በፓስፖርት ላይ እንዳለው

ለምን እንዲህ እንደሆነ ላስረዳ። "እንደማልቀበል" የሚለው ቃል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ ጸሐፊው ሁለተኛውን ባያነብም ሥራውን ይሠራል። "የመጨረሻ ነው" የሚለው "ገንዘብ ቢጨመርላት ትመጣ ይሆን?" የሚለውን ይዘጋል። "ቅበላና አሲስታንትሺፕ" ሁለቱም ተጠርተዋል፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ቅበላውን የሚይዘውና ገንዘቡን የሚይዘው ቢሮ የተለያየ ነው፤ አንዱን ብቻ ብትጠሩ ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምስጋናው አንድ የተለየ ነገር ይጠቅሳል፤ ሃያ መስመር ውዳሴ ከሚሆን እሱ ይበልጣል።

የማመልከቻ ቁጥሩን ርዕሱ ላይ ማድረግ ቀላል ይመስላል፣ ግን እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ ችግር አለብን። የአባት ስም እንደ "የቤተሰብ ስም" ይገባል፣ አያት አንዳንድ ቦታ አለ፣ አንዳንድ ቦታ የለም፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍም በዲግሪውና በፓስፖርቱ ይለያያል። አንድ ዓመት ኮሚቴያችን ጋ ስማቸው እስከ አባት ድረስ አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ "አልቀበልም" ብሎ ያለ ቁጥር ጻፈ። የማን እንደሆነ ለማጣራት ሁለቱንም ደውለን ማስደንገጥ ነበረብን። ቁጥሩን ጻፉ፣ ካመለከታችሁበት ኢሜይልም ላኩ። በጓደኛ ኢሜይል የተላከ ስንብት ማንም አምኖ ቦታ አይለቅበትም።

ምክንያቴን መናገር ግዴታ ነው? የት እንደምሄድስ?

ግዴታ አይደለም። "የሌላ ተቋም ቅበላ ተቀብያለሁ" ይበቃል። አንዳንድ ቢሮ በኋላ አጭር መጠይቅ ይልካል፣ የት ሄድክ፣ ለምን መረጥክ የሚል፤ እሱን መሙላት ደግ ነው፣ የሚቀጥለውን ዓመት ድጋፍ ለማስተካከል ይጠቀሙበታል።

ውሸት ግን አትጻፉ። በተለይ "እናቴ ታማ" የሚለውን። በጣም የተለመደ ነው፣ ይሉኝታው የሚወልደው ነው። ቢሮው አዝኖ "ለአንድ ዓመት እናስተላልፍልህ" ይላችኋል፤ ከዚያ ወይ ሌላ ውሸት ወይ ማፈር ነው። ደግሞ ዘርፉ ጠባብ ነው። ሁለቱ ፕሮፌሰሮች አንድ ጉባኤ ላይ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስማችሁ ይነሣል።

ገንዘብ ማወዳደርም እዚህ ቦታው አይደለም። "እነዚያ ይበልጥ ከፈሉኝ" የሚል ስንብት ቅሬታ ነው የሚመስለው። ድርድር ካሰባችሁ ከመተዋችሁ በፊት፣ ለብቻው፣ በጥያቄ መልክ።

ፖርታሉ ላይ Decline የሚለውን ተጫንኩት። ኢሜይልም ያስፈልጋል?

ኦፊሴላዊው መልስ ብዙ ጊዜ ፖርታሉ ነው፣ ስለዚህ እሱን አትዝለሉ። ኢሜይል ብቻ ልካችሁ ፖርታሉ ክፍት ከቀረ ሲስተሙ እናንተን "ገና አልመለሰም" ብሎ ይቆጥራል። ግን ፖርታሉን የሚያየው የቅበላ ቢሮ ነው፤ ገንዘቡን ከራሱ ፕሮጀክት የሚከፍለው ፕሮፌሰር ወይም የስኮላርሺፕ ቢሮው ላያየው ይችላል። ሁለቱንም አድርጉ፣ በአንድ ቀን።

ከመጫናችሁ በፊት የተቋሙን ስም ደግማችሁ አንብቡ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ስለሚጠቀሙ ገጾቹ መንትያ ናቸው። ሁለት ታብ ከፍቶ በስልክ፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ፣ የማይፈልገውን ሊተው የሚፈልገውን የተወ ልጅ አውቃለሁ። በዚያው ሰዓት ደውሎ፣ ጽፎ፣ ለምኖ መለሱለት። ዕድለኛ ነው። ከተጫናችሁ በኋላ ገጹን ስክሪንሾት አንሡ።

አስቀድሜ "እቀበላለሁ" ብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን መተው ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን አሁን የምታደርጉት የገባችሁትን ቃል ማንሣት ነው፣ ደብዳቤውም ይህን ማለት አለበት፦ "በመጋቢት የሰጠሁትን የመቀበል መልስ አንሥቻለሁ።" እዚህ ላይ አንድ የይቅርታ ዓረፍተ ነገር ተገቢ ነው። አንድ ብቻ።

ከዚያ በፊት የፈረማችሁትን ወረቀት አውጡና ስለ መተው የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ የማሳወቂያ ጊዜ አለው ወይ፣ የተቀበላችሁት ገንዘብ ካለ ይመለሳል ወይ። የመቋቋሚያ ገንዘብ ገብቶላችሁ ወይም የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጦላችሁ ከሆነ ደብዳቤው ውስጥ እናንተው ቀድማችሁ አንሡት፦ "የላካችሁልኝን እንዴት እንደምመልስ ንገሩኝ።" እነሱ እስኪጠይቁ መጠበቅ ነገር ያበላሻል። ቦታ ለመያዝ ከኪሳችሁ የከፈላችሁት ቅድመ ክፍያ ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፣ ቁርጣችሁን እወቁ።

አሜሪካ ከሆነና ከሁለት ትምህርት ቤት I-20 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ ቅጽ መጥቶላችሁ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ይዛችሁ የምትቀርቡት የምትሄዱበትን ትምህርት ቤት I-20 ነው፤ በላዩ ላይ ያለው SEVIS የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ቁጥርም ለዚሁ መዝገብ የምትከፍሉት የI-901 ክፍያ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ቀድማችሁ በተዋችሁት ትምህርት ቤት ቁጥር ከፍላችሁ ከሆነ ገንዘቡ አይቃጠልም፣ ክፍያውን ወደ አዲሱ ቁጥር ማዛወር ይቻላል። የተዋችሁትን ትምህርት ቤት ደግሞ መዝገባችሁን እንዲሰርዘው በዚያው ኢሜይል ጠይቁት።

ለፕሮፌሰሩ ለብቻው ልጻፍለት? ድጋፍ የጻፉልኝ መምህሬስ?

ፕሮፌሰሩ በግል አናግሯችሁ ከሆነ፣ አዎ፣ ለብቻው፣ ለቢሮው ከመላካችሁ ጥቂት ሰዓት ቀድማችሁ። ከጸሐፊ እንዲሰማው አታድርጉ። ሦስት መስመር ትበቃለች። ይህ ሰው በኋላ የጥናት ጽሑፋችሁን የሚገመግም ወይም ለድኅረ ዶክትሬት የምታመለክቱበት ሊሆን ይችላል።

መምህራችሁን ደግሞ በአካል። ማራኪም ይሁን ቴዎድሮስ ግቢ፣ ቢሯቸው ድረስ ሄዳችሁ "ዶክተር፣ እርስዎ ለጻፉልኝ ቦታ ደርሶኝ ነበር፣ ሌላውን መረጥኩ" በሏቸው። ድጋፍ የጻፉት በስማቸው ነው፤ በተለይ እዚያ ያለው ፕሮፌሰር የሳቸው ወዳጅ ከሆነ ከሌላ ሰው መስማታቸው ያስከፋል። የሚቀጥለው ተማሪ እዚያው ሲያመለክት የሳቸው ደብዳቤ እንዲታመን ከፈለጋችሁ ይሄ ዋጋ አለው።

አገር ውስጥ ላለ ዩኒቨርሲቲስ? በኢሜይል ይሆናል?

እዚህ ወረቀት ነው። ኢሜይል ልካችሁ ልትቀመጡ ትችላላችሁ፣ ግን ፋይላችሁ ውስጥ የሚገባው ወረቀቱ ነው። "ለ…" ብሎ የሚጀምር፣ "ጉዳዩ" ያለው፣ ቀንና ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም አስደርጋችሁ ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ያ ቅጂ ከጠፋ "አላሳወቅክም" ስትባሉ የምታሳዩት ነገር የለም።

በመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት ከሆነ የተመዘገባችሁት፣ ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ጽፋችሁ አትቅሩ። የስፖንሰር ደብዳቤ የጻፈላችሁ መሥሪያ ቤትም ግልባጭ ይድረሰው፣ የሰው ሀብት ክፍሉ እናንተን "ትምህርት ላይ ነው" ብሎ መዝግቧችኋል። ይሄ ሳይስተካከል ደመወዝና የውል ግዴታ ላይ ወራት የፈጀ ጣጣ አይቻለሁ።

ብተወው ለከርሞ ያስተላልፉልኛል?

መተውና ማስተላለፍ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በአንድ ደብዳቤ አትቀላቅሏቸው። "አልቀበልም፣ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ብትይዙልኝ" የሚል ደብዳቤ ቢሮውን ግራ ያጋባል። ሌላ ቦታ ለመማር ስትሄዱ ደግሞ የሚያስተላልፍላችሁ የለም፤ ማስተላለፍ የሚፈቀደው በአብዛኛው ለሕመም ወይም ለመሳሰለው ነው፣ ስኮላርሺፕ ላይ ደግሞ ከናካቴው የማይፈቅዱ ብዙ ናቸው። ወደፊት ዳግም ማመልከት ግን ይቻላል፣ በጊዜው በጨዋነት የተወን ሰው የሚከለክል የለም።

ላክሁ፣ ሳምንት ሆነው፣ መልስ የለም።

መጀመሪያ የተላከውን ሳጥን እዩ፤ ኔት በጠፋበት ሰዓት የተላከ ኢሜይል ረቂቅ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ከሄደ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ ብላችሁ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ "ከዚህ በታች ያለው ደርሷችሁ እንደሆነ ብታሳውቁኝ።" አዲስ ኢሜይል አትክፈቱ፣ የመጀመሪያው ቀን እንዲታይ። የቅበላ ደብዳቤው ላይ የፈረመውን ሰውም ግልባጭ ውስጥ አስገቡ። ከሁለተኛው በኋላ ዝም ካሉ የናንተ ድርሻ አልቋል፣ ቅጂውን አስቀምጡ።

ከተውኩ በኋላ ሐሳቤ ቢቀየርስ?

በዚያው ቀን ከሆነ ደውሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ከሆነ መሞከር አያስከፍልም፣ ግን ለተጠባባቂው ተጽፎለት ይሆናል። አንዴ ለሌላ ሰው "ተመርጠሃል" ከተባለ ከሱ ነጥቆ የሚመልስላችሁ ኮሚቴ የለም። እኛ ጋ አንድ ልጅ ረቡዕ ጠዋት ትቶ ዓርብ ሊመለስ መጣ። ሐሙስ ከሰዓት ለተጠባባቂዋ ደውለንላት ነበር፣ እልልታው በስልኩ ውስጥ ተሰምቶን ነበር። ለልጁ ይሄንኑ ነገርነው።